ስምንት ሜትር በሁለት ሳምንት፦ የዳባሁ መሰንጠቅ ከጣና ዳር ሲታይ

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ባሕር ዳር ያለ ጂኦሎጂ አስተማሪ እፎይ ብሎ ቡና የሚጠጣበት ቦታ አልነበረውም። የሚያውቀኝ ሁሉ ገና ሳልቀመጥ ይጠይቀኛል፤ «አገሩ ለሁለት ሊሰነጠቅ ነው ይላሉ፤ የእኛ ጣናስ እንዴት ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ዋንዛዬ ፍል ውሃ አለን፣ ከተማዋ የተሠራችው በላቫ ላይ ነው፣ ወደ እንጅባራ ሲወጣ ደግሞ ዘንገናን የመሰለ የእሳተ ገሞራ አፍ ሐይቅ አለ። ምልክቱ ሁሉ ያለ ይመስላል።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ የሚገኘው ጣና ላይ አይደለም። መሬት ስትሰነጠቅ ከዳር እስከ ዳር የተለካችበት አንድ አጋጣሚ አገራችን ውስጥ አለ፤ እሱም የ1998ቱ የዳባሁ ጉዳይ ነው። እዚያ የሆነውን በደንብ ያየ ሰው የጣናን ነገር ራሱ መፍረድ ይችላል።

ቦታው ከባሕር ዳር በቀጥታ መስመር 350 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ነው፤ ሰሜናዊ አፋር። ዳባሁና ጋብሆ የሚባሉ ሁለት እሳተ ገሞራዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ከእነሱ ሥር ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚዘረጋው ዝቅተኛ መሬት ማንዳ ሀራሮ ይባላል። መንቀጥቀጡ የተሰማው አዲሱ ዓመት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። ከመስከረም 10 እስከ 24 ባሉት ቀናት በጣም በረታ። በዚያ ወቅት ከአፋር ርቀው የተተከሉ ጣቢያዎች ሳይቀሩ የመዘገቧቸው፣ መጠናቸው ከ3.9 በላይ የሆነ 163 ንዝረቶች ተቆጥረዋል። መስከረም 16፣ ሌላው አገር ደመራውን ሲደምር፣ ከዳባሁ ግርጌ ዳኡሬ በሚባለው ቦታ መሬቱ ተቀደደና አመድ ወጣ። የተከፈተው አፍ ርዝመቱ 500 ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ 60 ሜትር ይደርስ ነበር። ከ6 ሺህ በላይ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ቀያቸውን ለቀቁ።

በዜና የተወራው ይህ ነው፤ አመድና ስንጥቅ። በሥፍራው የቆመ ሰው ደግሞ መሬቱ በየቦታው ተተርትሮ፣ አንዳንዱ ጠርዝ እስከ ሦስት ሜትር ቁልቁል ወርዶ ያያል። የፈነዳው ግን ትንሽ ነበር። ዋናውን ነገር ማንም በዓይኑ አላየውም፤ የሆነው ከሁለት ኪሎ ሜትር በታች ነው።

የታወቀው በሳተላይት ነው። ኤንቪሳት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት የራዳር ሞገድ እየላከ ተመላሹን ይመዘግብ ነበር። ከንዝረቱ በፊት በተነሳው ምስልና ከንዝረቱ በኋላ በተነሳው መካከል መሬቱ ወደ ሳተላይቱ ቢቀርብ ወይም ቢርቅ፣ ሁለቱ ሲነጻጸሩ ልዩነቱ በቀለም ቀለበት ይወጣል። አንዷ ሙሉ ቀለበት 28 ሚሊ ሜትር ማለት ናት። የዳባሁ ምስል ሲወጣ ቀለበቶቹ ከመብዛታቸው የተነሳ መሃሉ ላይ ተደራርበው መቁጠር አልተቻለም፤ መሬቱ የተንቀሳቀሰው በሴንቲ ሜትር ሳይሆን በሜትር ነበርና። እዚያ ላይ ተመራማሪዎቹ ሌላ ዘዴ ተጠቀሙ፤ አንዱ ምስል ላይ ያለ ነጥብ በሌላው ላይ ስንት እንደ ተገፋ በቀጥታ ለኩ። የስምጡ ሁለት ትከሻዎች እስከ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብለው፣ መሃሉ ሁለት ሜትር ያህል ሰጥሞ፣ ግራና ቀኙ ከመሃል ወደ ውጭ ተገፍቶ ተገኘ። ዳባሁና ጋብሆ ራሳቸው ደግሞ አየር እንደ ተነፈሰ ነገር ዝቅ ብለዋል።

ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ሊያስረዳ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅልጥ አለት ከታች መጥቶ መሬቱን በቁም ሰንጥቆ ገብቶበታል። በቁም የገባ የቅልጥ አለት ግድግዳ ዳይክ ይባላል። ይህኛው 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው፣ ከምድር በታች ከ2 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ባለው ጥልቀት ላይ ቆሟል፣ በሰፊው ቦታ ስፋቱ 8 ሜትር ደርሷል፣ ወደ ጫፎቹ እየጠበበ ይሄዳል። የባሕር ዳር ሰው ከባሕር ዳር ወረታ ያለውን አስፋልት ከነሙሉ ስፋቱ ያስብ፤ ያን ያህል ርዝመትና ያን ያህል ወርድ ያለው ክፍተት ሰባት ኪሎ ሜትር ወደ ታች ወርዶ በቅልጥ አለት ተሞላ። ይዘቱ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ጣና የያዘውን ውሃ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፣ ግን ከዚያ ውስጥ ወደ ላይ የወጣው እጅግ ኢምንት ነው። ሌላው እዚያው ቀርቶ ቀስ በቀስ ድንጋይ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ተጠራጣሪ ተማሪ ሁልጊዜ ያነሳል፤ «የመሬት መንቀጥቀጡ ሰንጥቆት ቅልጡ በኋላ ገብቶበት ቢሆንስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም በሒሳብ ይገኛል። ንዝረት የሚፈጠረው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲንሸራተት ነው፤ የንዝረቱ መጠን ስንት ቦታ በስንት ሜትር እንደ ተንሸራተተ ይናገራል። የ163ቱም ንዝረቶች አቅም ቢደመር በሳተላይት የታየውን የመሬት መለወጥ አሥር በመቶ እንኳ አያስረዳም። ዘጠና በመቶው ሥራ የተሠራው ያለ ትልቅ ጩኸት ነው፤ ቅልጥ አለቱ በግፊቱ ነው የከፈተው። ንዝረቱ የዳይኩ ጫፍ እየቀደደ ሲያልፍ፣ ከላዩ ያለውም መሬት ሲሰበር የሚሰማ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጣቢያዎች በአካባቢው ተተክለው ስለ ነበር ሁለተኛው ዳይክ ሲሄድ ታይቷል፤ ንዝረቱ በሰዓታት ውስጥ ከመሃል ተነስቶ 10 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ አቅጣጫ ተጓዘ። ጥፋት የሚያደርሰውን መንቀጥቀጥና ዳይክን የሚለየው ይህ ነው፦ ተራው መንቀጥቀጥ አንድ ትልቅ ምት ይመታና እየደከሙ የሚሄዱ ተከታዮች ይኖሩታል፤ የዳይኩ ግን እኩያ እኩያ ሆኖ ይንጋጋል፣ ቦታውንም ይቀይራል።

ስምንት ሜትር ለምን በአንድ ጊዜ? የምድር ጠንካራ ሽፋን ግዙፍ ቁራጮች የሆኑት የአረቢያና የአፍሪካ ፕሌቶች አፋር ላይ የሚራራቁት በዓመት ከ16 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ፍጥነት ርቀው ባሉት ቦታዎች ላይ ሳይቋረጥ ይለካል። ስምጡ መሃል ላይ ግን መሬቱ ተያይዞ ስለ ቆየ አይከፈትም፤ ይለጠጣል እንጂ። 8 ሜትር በ20 ሚሊ ሜትር ሲካፈል 400 ዓመት፣ በ16 ሲካፈል 500 ዓመት ይመጣል። በማንዳ ሀራሮ ለአራትና አምስት ምዕተ ዓመት የተጠራቀመው መለጠጥ በሁለት ሳምንት ተከፈለ ማለት ነው። በዚያም አላበቃም። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ 13 አነስተኛ ዳይኮች እየተከታተሉ ገቡ። ሦስቱ ምድር ላይ ደርሰው ጥቁር ላቫ አፈሰሱ፤ በነሐሴ 1999፣ በሰኔ 2001 እና በግንቦት 2002። «አህጉር ይሰነጠቃል» ሲባል የሚሆነው እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ሌሊት ባሕር አይገባም፤ ለመቶዎች ዓመታት ዝም፣ ከዚያ ጥቂት ዓመት ሁከት፣ እንደገና ዝም። በዚህ አካሄድ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ይወስዳል፤ በነገራችን ላይ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የተከፈቱትም እንዲሁ ነው።

ቅልጥ አለቱ ከየት መጣ ለሚለው፣ ብዙ ሰው ከምድር በታች ሁልጊዜ የቀለጠ ባሕር ያለ ይመስለዋል። የለም። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ማንትል በጣም ቢሞቅም ጠጣር ነው፣ ያልቀለጠው ከላይ ያለው ክብደት ስለሚጫነው ነው። ፕሌቱ ሲለጠጥ ይሳሳል፤ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ማንትል ቦታውን ለመሙላት ወደ ላይ ይመጣል። አንድ ኪሎ ሜትር በወጣ ቁጥር የራሱ ሙቀት የሚቀንሰው ግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፣ የሚቀልጥበት ሙቀት ግን ግፊቱ ስለሚቀንስ በሦስትና በአራት ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ ምንም ተጨማሪ እሳት ሳይነድድ፣ ጫናው ስለ ቀለለለት ብቻ፣ አንድ ጥልቀት ላይ ሲደርስ መቅለጥ ይጀምራል። አፋር ሥር ያለው ማንትል ከተለመደው ሞቅ ያለ መሆኑ ደግሞ መቅለጡን ያበረታዋል። የቀለጠው ከዙሪያው ካለው ድንጋይ ስለሚቀል ወደ ላይ ይሻል።

ይህ ቅልጥ ባይኖር ፕሌት መሰንጠቁ ራሱ ያጠራጥር ነበር። ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር የሚወፍር ቀዝቃዛ ድንጋይ በመሳብ ብቻ ለመበጠስ የሚያስፈልገው ኃይል ፕሌቶች ከሚሳቡበት ኃይል ይበልጣል። ቅልጥ አለት ያለበት ስንጥቅ ግን ሁሉን በአንዴ መበጠስ አይጠበቅበትም፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቦታ እየቀደደ፣ ግድግዳውን በራሱ ግፊት ደግፎ ይሄዳል። ስለዚህ አፋር ላይ መሬቱን የሚለየው በአብዛኛው ዳይክ ነው፤ እንደ ገደል ሆኖ የሚታየው ስብራት ከዳይኩ በላይ ያለው ቆዳ ነው።

እሳተ ገሞራዎቹ ለምን እንደሚሰለፉም ከዚሁ ይወጣል። ቅልጥ አለት ሲከፍት የሚመርጠው ከሁሉ ያነሰ የሚገፋውን አቅጣጫ ነው። ፕሌቶቹ ከሚራራቁበት አቅጣጫ ያለው ጫና ከሁሉ ያነሰ ስለሆነ ግድግዳዎቹ የሚራራቁት ወደዚያው ነው፤ ስንጥቁም ከመሳቡ ጋር መስቀለኛ ሆኖ በስምጡ ርዝመት ይዘረጋል። ዳይኩ ከምድር ገጽ የደረሰባቸው ነጥቦች አፍ ይሆናሉ፤ በአንድ ስንጥቅ ላይ ስለሆኑ በአንድ መስመር ይታያሉ። ቀጣዩ ዳይክ በሌላ ዘመን ሲመጣ የመሳቡ አቅጣጫ አልተለወጠምና ከፊተኛው ጎን ለጎን ይገባል። ከዚህም ሌላ፣ የዳይኩ ጫፍ ከላዩ ያለውን ሁለት ኪሎ ሜትር ድንጋይ ስለሚለጥጠው ሁለት ትይዩ ስብራቶች ይፈጠራሉ፣ በመካከላቸው ያለው መሬት ይሰጥማል። ማንዳ ሀራሮ ላይ ሁለት ሜትር የሰጠመው ይህ ነው። ሸለቆው፣ የእሳተ ገሞራው ተርታና ስብራቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ቢመስሉም አንድ ዳይክ የሠራቸው ናቸው።

ዳባሁ ላይ አንድ የሚያምታታ ነገር አለ፣ ሳልጠቅሰው አላልፍም። መስከረም 16 የወጣው ጥቁር ላቫ ሳይሆን ቀለሙ ነጣ ያለ፣ ቀዳዳ የበዛበት ፑሚስ የሚባል ቀላል ድንጋይ ነበር፤ በኋላ ከ1999 ጀምሮ የወጣው ግን ጥቁር ባዛልት ነው። ሁለት ዓይነት ቅልጥ ከአንድ ስንጥቅ እንዴት ይወጣል? ዳይኩ በሰሜን ጫፉ ከዳባሁ ሥር ለረዥም ዘመን ተቀምጦ ወፍራም የሆነ አሮጌ ቅልጥ ስለ ነካ ነው ፑሚሱ የወጣው። አብዛኛው ባዛልት የመጣው ግን ከስምጡ መሃል፣ አዶ አሌ ከሚባለው አካባቢ ሥር ነበር። ዳባሁና ጋብሆ ዝቅ ማለታቸው ብቻውን ግማሽ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ቢያስረዳ፣ የቀሩት ሁለቱ ከሌላ ጎተራ መምጣት አለባቸው።

አሁን ወደ ዋንዛዬ።

ዋንዛዬ በደራ ወረዳ ከጉማራ ወንዝ ዳር ነው። ሰው ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለቆዳ፣ ለድካም ይሄዳል፤ ያድራል፣ ይሰነብታል። አንድ ጊዜ ቴርሞ ሜትር ይዤ ስጎነበስ አጠገቤ የሚታጠቡ አዛውንት ሳቁብኝና፣ «ልጄ፣ ከሥሩ እሳት ባይኖር ይሄ ውሃ እንዴት ይፈላል?» አሉኝ።

«አይፈላም እኮ ጋሼ፤ ትኩስ ነው እንጂ። ቢፈላማ እርስዎ እዚህ አይቀመጡም ነበር» አልኳቸው።

«እሱማ እውነት ነው» ብለው እግራቸውን መልሰው አስገቡ።

ጨዋታ ቢመስልም ልዩነቱ ትልቅ ነው። የጣና አካባቢ ከፍታ 1,800 ሜትር ያህል ስለሆነ እኛ ዘንድ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ዋንዛዬ ከ40 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። የአካባቢው አማካይ የአየር ሙቀት 20 ዲግሪ ቢባል፣ ውሃው ያገኘው ተጨማሪ ሙቀት 20 ዲግሪ ነው። እሳተ ገሞራ በሌለበት ተራ መሬት ውስጥ በየኪሎ ሜትሩ ሙቀቱ በ25 እስከ 30 ዲግሪ ይጨምራል። ስለዚህ የዝናብ ውሃ 700 ወይም 800 ሜትር ወርዶ ቢመለስ 20 ዲግሪ ያገኛል፤ ሲወጣ የሚበርደው ቢታሰብ አንድ ኪሎ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጥልቀት ይበቃዋል። ቅልጥ አለት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ስብራት ነው፤ ውሃው ሳይበርድ ቶሎ የሚወጣበት የተሰበረ ድንጋይ።

ፍል ውሃ ሁሉ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ውሃ፣ ሙቀትና መንገድ። ስምጥ ሸለቆ ሦስቱንም አንድ ቦታ ያመጣቸዋል። ዝናቡ በብዛት የሚዘንበው ከፍ ባሉት ትከሻዎች ላይ ነው፣ ከዚያ በስብራቱ ወደ ታች ይሰርጋል። ቅርፊቱ ስለ ሳሳና ዳይኮች ስለ ገቡበት ሙቀቱ በየኪሎ ሜትሩ ከተራው እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። መውጫውም በስምጡ ርዝመት የተሰለፈው ስብራት ነው፣ ስለዚህ ምንጮቹም ይሰለፋሉ። ላንጋኖ አጠገብ ያለው አሉቶ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ተቆፍሮ ከ300 ዲግሪ በላይ ተገኝቶበታል። ያን ሙቀት በተራው ስሌት ለማግኘት አሥር ኪሎ ሜትር መውረድ ይጠይቅ ነበር። እዚያ ከሥሩ የሚያሞቅ ነገር እንዳለ ለመናገር ክርክር አያስፈልግም። መንገዱ ደግሞ ለዘላለም ክፍት አይሆንም። ውሃው ያሟሟውን ሲሊካና ኖራ ሲወጣና ሲበርድ እያስቀመጠ ስንጥቁን ይደፍነዋል፤ ንዝረት ሲመጣ እንደገና ይከፈታል። ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ አሮጌ ምንጭ ሲደርቅ፣ አዲስ ሲፈነዳ የሚታየው ስለዚህ ነው፣ ሁልጊዜ ቅልጥ አለት ቀረበ ማለትም አይደለም።

ጣና ታዲያ ምንድን ነው? ሐይቁን የከበበው ድንጋይ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደጋውን የሸፈነው የባዛልት ንብርብር ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦርና ከደንገል በር በኩል የሚመጡ ሦስት ጥንታዊ ስምጦች ጣና ላይ እንደሚገናኙ ጽፈዋል። ሌሎች ደግሞ በዚያው ዘመን እጅግ ግዙፍ ፍንዳታ ተፈጽሞ መሬቱ ወደ ባዶው ጎተራ በመደርመሱ ነው ተፋሰሱ የተፈጠረው ይላሉ። እኔ ሁለቱ የግድ የሚጣሉ አይመስለኝም፤ ስብራቶቹ መኖራቸውን ማንም አይክድም። ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በኋላ፣ በጂኦሎጂ ትናንት በሚባል ጊዜ፣ በደቡብ በኩል አዲስ ላቫ ፈስሶ የዓባይን መውጫ ገደበው። የባሕር ዳር ቤቶች የሚሠሩበት ቀዳዳ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ ያ ላቫ ነው፣ ጢስ ዓባይም የሚወድቀው ከእሱው ጠርዝ ላይ ነው።

አሮጌ ስብራት አለ፣ ወጣት ላቫ አለ፣ ትኩስ ውሃ አለ። የሌለው መሳቡ ነው። ደጋው ሥር ቅርፊቱ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይወፍራል፣ አፋር ላይ ግን ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ድረስ ሳስቷል። በጂፒኤስ ሲለካ የሚለጠጠው ከወልድያና ከኮምቦልቻ ገደል ወዲያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ደጋ እኛን ይዞ እንደ አንድ ቁራጭ ይሄዳል። ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፦ ጣና ዳር ትንሽ እሳተ ገሞራ በሺዎች ዓመታት ውስጥ ዳግመኛ ቢፈነዳ አይደንቀኝም፣ ሐይቁ ለሁለት ይከፈላል ብዬ ግን አልጠብቅም።

የተሳሳትኩ እንደ ሆነ የሚታወቅበት መንገድ አለ። ዳይክ ቢነሳ መጀመሪያ የሚመጣው እኩያ እኩያ የሆነ፣ ቦታ እየቀየረ የሚጓዝ ንዝረት ነው፣ ከዚያ የራዳር ምስል ላይ ቀለበት ይታያል። ዋንዛዬም ይናገራል፤ ሙቀቱ ከወቅቱ ውጭ ከፍ ካለ፣ በውሃው የሟሟው ሲሊካ ከበዛ፣ ወይም አረፋው ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከጨመረ ውሃው ከበፊቱ የጠለቀና የጋለ ቦታ ነክቷል ማለት ነው። አንድ ልኬት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ክረምት ላይ የጉማራ ውሃ ሲቀላቀል ምንጩ ይበርዳል፣ በጋ ላይ ይሞቃል። ስለዚህ የሚለካ ሰው በየዓመቱ በአንድ ወር፣ ከአንድ ቦታ፣ ውሃው ከድንጋዩ ከሚወጣበት አፍ ላይ ይለካ፤ ከመታጠቢያው ገንዳ አይደለም።